አዲስ ሥራ የጀመረ መሐንዲስ ምን ብሎ ያስታውቅ?

ሊንክድኢን ላይ አዲስ የሥራ መደብ ለሚመዘግብ ሰው ገጹ ራሱ አንድ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ያቀርብለታል። ይዘቱ «በእገሌ ድርጅት በዚህ የሥራ መደብ አዲስ ሥራ መጀመሬን ስገልጽ ደስ ይለኛል» የሚል ነው። የድርጅቱንም የመደቡንም ስም ኮምፒዩተሩ ይሞላዋል፤ ለባለቤቱ የሚቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይጫነዋል፤ «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውም መልእክት ይጎርፍለታል። ይሁን እንጂ መልእክቱን ከላኩለት ሰዎች መካከል ሰውየው ከነገ ጀምሮ ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ከአገሩ ወጥቶ ለሚሠራ መሐንዲስ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። አዲስ አበባ እያለ ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩት። የቢሮ አለቃው፣ ተቋራጩ፣ ሳይት ላይ አብሮት የዋለው ፎርማን፣ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ባሕር ማዶ ግን የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስም ለቀጣሪው እንግዳ ነው፤ ውሃ ያስገባላቸውን ከተሞችም ካርታ ላይ ካልፈለጓቸው የሚያውቃቸው የለም። አዲስ ሥራ መያዙን ያስታወቀ ዕለት ግን የድሮውም የአሁኑም ሰው ለአፍታ ዞር ብሎ ያየዋል። ያችን አፍታ በምን ይሙላት የሚለው ጥያቄ ሊታሰብበት የሚገባው ለዚህ ነው።

የሩቅ ትውውቅ ለሥራ ያለው ጥቅም ከተጠና ቆይቷል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት የሥራ ወሬ ይበልጥ የሚመጣው በየቀኑ ከምናገኘው ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው መሆኑን አመልክቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጅ የሰማውን እኛም ሰምተነዋል፤ የሩቁ ሰው ግን እኛ የማንደርስበት ቢሮ ውስጥ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የአምስት ዓመት መረጃ አይቶ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ሰውን ወደ አዲስ ሥራ ለማሻገር የበለጠ የረዳው የጠበቀ ወዳጅነትም ፈጽሞ የራቀ ትውውቅም ሳይሆን በመጠኑ የላላው ነው። አብሮ የተማረ፣ አንድ ፕሮጀክት ላይ አብሮ የሠራ፣ ከዚያ በኋላ ግን ያልተገናኘ ሰው ማለት ነው። የሥራ ማስታወቂያ የሚደርሰው በዋናነት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

አንድ መሐንዲስ እንውሰድ፤ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነውና ስም አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ሲቪል ምህንድስና ተምሮ፣ ለአነስተኛ ከተሞች የመጠጥ ውሃ መስመር በሚነድፍ አማካሪ ድርጅት አራት ዓመት አገልግሎ፣ ወደ ካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሄደ። እዚያ መጀመሪያ ያገኘው የነዳፊነት ሥራ አልነበረም። ሌሎች መሐንዲሶች ያሰሉትን በአውቶካድ እየሣለ ሁለት ዓመት ተኩል ቆየ። በመጨረሻ አንድ ሌላ አማካሪ ድርጅት የከተማ ውሃ ስርጭት ዲዛይነር አድርጎ ቀጠረው። አሁን ይህንን ለማስታወቅ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ረቂቁ እንዲህ የሚል ነው፤ «በውሃ ምህንድስና ዘርፍ የዳበረ ዓለም አቀፍ ልምድ ያለኝ፣ ለውጤት የምተጋና ለፈጠራ ቅርብ የሆንኩ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ አዲሱን ኃላፊነቴን በታላቅ ተነሣሽነት ጀምሬያለሁ።» ስሕተቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። «በውሃ ምህንድስና» የሚለውን አውጥቶ «በሒሳብ አያያዝ» ወይም «በሆቴል መስተንግዶ» ቢተካበት ዓረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ይቆማል። ሁሉን የሚገልጽ ቃል ማንንም አይገልጽም፤ ውሃ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ውሃ ያልነካው ጽሑፍ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ይህንን አይቶ ያፍርና ሰርዞት ሌላ ይጽፋል። «ፈጣሪ ይመስገን። የማይገባኝ ዕድል ነው። ያገዛችሁኝ ሁሉ ባለውለታዎቼ ናችሁ። ገና ብዙ የምማረው አለኝ።» ይህኛው ከልብ የወጣ ነው፤ ራሱን ማመስገን ነውር መሆኑ ተነግሮት ያደገ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚመጣለትም ይኸው ነው። ፈጣሪን ማመስገኑም ሆነ ሰዎችን ማመስገኑ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ከምስጋናው ሌላ አንድም ነገር አለመኖሩ ነው። በዚያ ላይ «የማይገባኝ» የሚለውን ቃል የሚያነቡት ከብዙ አመልካቾች መካከል እሱን የመረጡት አዲሶቹ አለቆቹ ናቸው፤ ሳያስበው የእነሱን ውሳኔ ስሕተት እያለ ነው። ነገ የነደፈውን መስመር ለማስገንባት ገንዘብ የሚያወጣው ደንበኛም ሊያነበው ይችላል።

ሁለቱም ረቂቆች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሰውየው ዓይነት ነው፤ አንዱ ትልቅ ነው ይላል፣ ሌላው ትንሽ ነው ይላል። የተሠራ ሥራ ግን በአንዳቸውም ውስጥ የለም። ሦስተኛው ረቂቅ ከሥራው ይነሣል፤

«ከዚህ ወር ጀምሮ በአዲሱ መሥሪያ ቤቴ የከተማ ውሃ ስርጭት መስመሮችን እነድፋለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት ተኩል በሥዕል ሥራ ላይ ነበርኩ። በመጨረሻው ዓመት የአንዲት ትንሽ ከተማን 42 ኪሎ ሜትር የውሃ መስመር በኮምፒዩተር ሞዴል እንድሠራ ዕድል ተሰጠኝ። ሞዴሉ በእሳት አደጋ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ግፊቱ ከ140 ኪሎፓስካል በታች እንደሚወርድ አሳየ። ስሌቱን የክፍሉ ኃላፊ አረጋገጠችው፤ 600 ሜትር የሚሆን ባለ 150 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በባለ 250 እንዲቀየር ሐሳብ አቀረብን። ሥዕል ብቻ ስሠራ ስሌቱን እንድሞክር የፈቀደችልኝን ኃላፊዬን፣ ከዚያም በፊት ግፊትና ከፍታን በሳይት ላይ ያስተማሩኝን የአዲስ አበባ አለቃዬን አመሰግናለሁ።»

ለሙያው ባዕድ የሆነ አንባቢ እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንደገቡ ሊጠይቅ ይችላል። 140 ኪሎፓስካል በኦንታሪዮ የውሃ መስመር አነዳደፍ መመሪያ የታወቀ ገደብ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ከመንገድ ዳር ቧንቧ በኃይል ውሃ ሲስብ በአካባቢው ያለው ግፊት ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከወደቀ ለእሳቱ የሚበቃ ውሃ አይገኝም፤ ከዚያም አልፎ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ከአፈር ውስጥ የቆሸሸ ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ነዳፊው እሳት በተነሣበት ሰዓት እንኳ ግፊቱ ከዚያ ገደብ በታች እንዳይወርድ ያደርጋል። ቧንቧውን ከ150 ወደ 250 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ደግሞ ስፋቱን በትንሹ የጨመረ ይምሰል እንጂ በመስመሩ ላይ የሚባክነው ግፊት እኩል ሆኖ ሲሰላ ባለ 250ው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ያሳልፋል። 42ቱን ኪሎ ሜትር በሙሉ ቆፍሮ ከመቀየር ይልቅ 600 ሜትር ብቻ መምረጥ የነዳፊ ችሎታ የሚታይበት ቦታ ነው። የውሃ መሐንዲስ ይህንን ባነበበ ጊዜ ጸሐፊው መመሪያውን እንደሚያውቅ፣ ሞዴል ማንበብ እንደሚችል፣ የደንበኛውን ገንዘብም እንደሚያስብ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

በራስ መተማመኑ ያለው እዚህ ነው። ትሕትናውም ያለው እዚያው ነው። «ስሌቱን የክፍሉ ኃላፊ አረጋገጠችው» የሚለው አጭር ሐረግ ሥራው በማን ዓይን እንዳለፈ ይናገራል፤ እውነትም ነው፣ ፈቃድ የሌለው ነዳፊ የሠራውን ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መርምሮ ኃላፊነቱን መውሰድ አለበትና። «ሞዴሉን ሠራሁ» እና «ሐሳብ አቀረብን» የሚሉት ሁለት ግሦችም በጥንቃቄ ተለይተዋል። የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ሠራን» ብሎ ያልፈዋል፤ ቀጣሪው ግን ከ«ሠራን» ውስጥ የአመልካቹን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። የቡድን ሥራን «ሠራሁ» ያለ ሰው ጽሑፉን የድሮ ባልደረቦቹ እንደሚያነቡት ዘንግቷል።

ቅደም ተከተሉም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሊንክድኢን ለአንድ ጽሑፍ እስከ 3000 ፊደልና ምልክት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አንባቢው «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነካ በቀር የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ነው። እነዚያ መስመሮች በደስታ መግለጫ ካለቁ ሥራው ከመጋረጃ በስተጀርባ ይቀራል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ከዚህ ወር ጀምሮ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ምስጋናው መጨረሻ ላይ መጥቶ ማን ምን እንዳደረገለት ለይቶ ያነሣል። እንዲህ የተነሣ ሰው ከጅምላ ምስጋና ይልቅ ይህኛው እንደሚደርሰው የታወቀ ነው።

የከተማዋ ስምም ሆን ተብሎ ቀርቷል። የውሃ መስመሩ የት የት ላይ ደካማ እንደሆነ የሚናገር መረጃ የደንበኛው ንብረት ነው፤ ቧንቧው ገና ያልተቀየረ ከሆነ ደግሞ ስም ጠርቶ መጻፍ የነዋሪውን ደኅንነት ይነካል። የድልድይ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና የቴሌኮም መሐንዲሶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የተለመደው መንገድ መጠኑን መናገርና ቦታውን መተው ነው፤ መጠኑም በውል ምስጢር ከሆነ የድሮውን ቀጣሪ አስቀድሞ መጠየቅ።

በዚህ ረቂቅ ውስጥ አንድ ቃል አለመኖሩን ያስተዋለ አንባቢ ይኖራል። ሰውየው የትም ቦታ «መሐንዲስ ነኝ» አላለም። የአምስት ዓመት የምህንድስና ትምህርት አጠናቆ፣ አራት ዓመት በሙያው ሠርቶ፣ ያንን ቃል ለምን ተወው?

የተወው ኦንታሪዮ ውስጥ ቃሉ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ነው። በክፍለ ግዛቷ የመሐንዲሶች ሕግ መሠረት ራሱን በዚህ ማዕረግ መጥራት የሚችለው ከክፍለ ግዛቷ የመሐንዲሶች ተቆጣጣሪ ማኅበር ፈቃድ ያገኘ ሰው ብቻ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ዲግሪው ይመዘናል፣ የሙያ ሕግና ሥነ ምግባር ፈተና ይወሰዳል፣ የ48 ወር የምህንድስና ልምድ ይቀርባል። ቀድሞ ከዚያ ልምድ ውስጥ 12 ወሩ በካናዳ የተገኘ መሆን ነበረበት። ብዙ ስደተኛ መሐንዲሶች የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነበር፤ ፈቃድ ያለው አለቃ ሥር ለመሥራት ልምድ ይጠየቃሉ፣ ልምዱን ለማግኘት ደግሞ መቀጠር አለባቸው። ማኅበሩ ይህንን ግዴታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አንሥቶታል። ስለዚህ የምሳሌያችን ሰው በአዲስ አበባ የሠራባቸው አራት ዓመታት ልክ 48 ወር ናቸው፤ በማስረጃ ከተደገፉ ሊቆጠሩለት ይችላሉ። በጽሑፉ ላይ «ለሙያ ፈቃድ አመልክቻለሁ» ብሎ መጨመር ይችላል፤ እውነትም ነው፣ ደረጃውንም ያሳያል። ከስሙ ሥር ባለው መስመር ላይ ግን የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን «የውሃ ስርጭት ዲዛይነር» የሚለውን መደብ ብቻ ይጽፋል።

አገሩ ሲለወጥ ሕጉም ይለወጣል። እዚያው ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሕጓን አሻሽላ የሶፍትዌር ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «ሶፍትዌር ኢንጂነር» መባል እንዲችሉ ፈቅዳለች። በጀርመን «ኢንጌኒየር» የሚለው ማዕረግ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተጠበቀ ሲሆን በውጭ አገር የተማረ ሰው ከመጠቀሙ በፊት የመሐንዲሶችን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። በብሪታኒያ ማንም ሰው ራሱን ኢንጂነር ማለት ይችላል፤ የተጠበቀው «ቻርተርድ ኢንጂነር» የሚለው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ኢቃማው ላይ ሙያው መሐንዲስ ተብሎ የሚጻፍለት ሰው በሳዑዲ የመሐንዲሶች ምክር ቤት መመዝገብ አለበት።

ነገሩ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የማትስ ያርልስትሮም ታሪክ ያሳያል። ያርልስትሮም በትውልድ አገሩ በስዊድን ኤሌክትሮኒክስ የተማረ፣ በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የሚኖር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባለቤቱ በቢቨርተን ከተማ ቀይ መብራት ጥሳለች ተብላ በካሜራ ተቀጣች። እሱ የቢጫውን መብራት ርዝመት የሚወስነውን ቀመር መረመረና ቀመሩ ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሾፌር በቂ ጊዜ እንደማይሰጥ አገኘ። ግኝቱን ለግዛቱ የመሐንዲሶች ቦርድ ሲጽፍ «መሐንዲስ ነኝ» ብሎ ገለጸ። ቦርዱ ያለ ፈቃድ በማዕረጉ በመጠቀሙና የምህንድስና ሥራ በመሥራቱ 500 ዶላር ቀጣው። ያርልስትሮም ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ራሱን መሐንዲስ ብሎ የመጥራት መብቱን አረጋገጠለት። ቀመሩም ባዶ አልቀረም። የትራንስፖርት መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ውስጥ የእሱን ማሻሻያ አካቶታል።

ያ ፍርድ የአሜሪካን የመናገር ነፃነት መሠረት ያደረገ ስለሆነ ቶሮንቶ ወይም ሙኒክ ያለውን ሰው አያድነውም። በአሜሪካም ቢሆን ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ብቻ በሚያመለክተው ሙሉ ማዕረግ መጠቀም እንደተከለከለ ነው። አንድ መሐንዲስ ከማስታወቁ በፊት የሚኖርበትን ግዛት የተቆጣጣሪ አካል ገጽ ከፍቶ ስለ ማዕረግ አጠቃቀም የተጻፈውን ቢያነብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መቼ የሚለው ነው። የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው ዕለት ደስታው ትኩስ ስለሆነ እጅ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሮጣል። ሆኖም በብዙ አገሮች የቅጥር ደብዳቤ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነው። የትምህርት ማስረጃና የወንጀል ነፃ ምርመራ ይቀራል፤ ለስደተኛ ሠራተኛ ደግሞ የመኖሪያና የሥራ ወረቀቱ አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ የሚሠራ መሐንዲስ ቀጣሪ መቀየር ይችላል፤ ነገር ግን አዲሱ ቀጣሪ በስሙ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ሥራውን መጀመር አይችልም። ማመልከቻው ሳይገባ ያስታወቀ ሰው የድሮ ቢሮውን አስቀይሞ አዲሱን ሳይዝ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነው አለቃ ዜናውን ከስክሪን ላይ የሚያነብበት አጋጣሚ ነው። አንዳንዴ ሰውየው ያስታወቀው ሆን ብሎ እንኳ አይደለም። በፕሮፋይሉ ላይ አዲሱን መደብ ሲሞላ «ለማውቃቸው ሰዎች አሳውቅ» የሚለው ማብሪያ በርቶ ከነበረ ዜናው በራሱ ይሠራጫል። ስለዚህ ማብሪያውን መጀመሪያ ማጥፋት፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን በእጅ መስጠት፣ ርክክቡን መጨረስ፣ ከዚያ ሥራውን መጀመር ይቀድማል። በኦንታሪዮ ሕግ ሦስት ወር ያልሞላውን ሠራተኛ ቀጣሪው ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚችል እስከዚያ የሚታገሡም አሉ። ለብዙው ሰው ግን አንድ ወር ገደማ የሚበቃ ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ ሥራውን ከቅጥር ደብዳቤው ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ አውቆት ስለሚጽፍ ጽሑፉ ራሱ ይሻላል።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ቀድመው ከሚያነቡት መካከል አጭበርባሪዎች አሉበት። አዲስ ሠራተኛ ይመቻቸዋል፤ የአለቃውን ድምፅና የአጻጻፍ ልማድ ገና አያውቅም፣ ማስደሰትም ይፈልጋል፣ ስሙንና የድርጅቱን ስም ደግሞ ራሱ ነግሯቸዋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ በድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ስም መልእክት ይደርሰዋል። «ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ ስልክ ማንሣት አልችልም። ለደንበኞች የሚሰጡ የስጦታ ካርዶች በአስቸኳይ ገዝተህ የጀርባቸውን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ገንዘቡ ይመለስልሃል።» ቁጥሩ ከተላከ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። የላኪው ስም ትክክል ቢሆንም የኢሜይል አድራሻው ሲከፈት የድርጅቱ ሳይሆን ማንም በነፃ የሚከፍተው ዓይነት ይሆናል፤ ወይም መልእክቱ የሚመጣው ከማይታወቅ የስልክ ቁጥር ነው። መደወል አይፈቀድም፤ ጉዳዩ ሁልጊዜ አስቸኳይ ነው፤ ክፍያው ሁልጊዜ በስጦታ ካርድ ነው። መፍትሔው ለመልእክቱ ምላሽ ሳይሰጡ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ወይም ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውን ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። ገና ለገና እንዲህ ያለ ነገር መጣ ተብሎ ማስታወቂያውን መተው አያስፈልግም፤ የሥራ ኢሜይልን፣ የስልክ ቁጥርን፣ የመታወቂያ ባጅ ፎቶንና የቅርብ አለቃን ሙሉ ስም ከጽሑፉ ማስቀረት ግን ያስፈልጋል። በተለይ የባጅ ፎቶ ብዙዎች በደስታ የሚለጥፉት ነው፤ ቅጂውን አሠርቶ በር ለማስከፈት ለሚፈልግ ሰው ንድፉን ያስረክባል።

ሌላው የሚጎርፈው መልእክት ከአገር ቤት ነው። አዲስ ምሩቃን «ጋሼ፣ እኔንም አስገባኝ» ብለው ይጽፋሉ፤ አንዳንዱም የሥራ ታሪኩን አያይዞ ይልካል። አንድ ወር የሠራ ሰው ማንንም ማስቀጠር አይችልም፤ የማያውቀውን ሰው ሥራ አይቻለሁ ብሎ ቢጠቁምም የሚያጎድለው የራሱን ታማኝነት ነው። ሊሰጥ የሚችለው ግን አለው። ከመውጣታቸው በፊት ምን መያዝ እንዳለባቸው ከራሱ ልምድ ያውቃል። ብዙ ፈቃድ ሰጪ አካላት ትራንስክሪፕቱ በአመልካቹ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እንዲደርሳቸው ይጠይቃሉ፤ ይህን ከባሕር ማዶ ሆኖ በስልክ ማስፈጸም ወራት ይወስዳል። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሐንዲስነት አገልግሏል» የሚል የሥራ ልምድ ደብዳቤም አይበቃም። የትኛውን መስመር ነደፈ፣ ምን አሰላ፣ በማን ቁጥጥር ሥር ሠራ የሚለው በዝርዝር ይፈለጋል።

ዝርዝሩን የሚያረጋግጥ ምስክርም ያስፈልጋል። የኦንታሪዮው ማኅበር አመልካቹ አለኝ የሚለውን እያንዳንዱን የሥራ ችሎታ በአንድ በሠራው ሥራ እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ያንን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ ሰውም እውነት መሆኑን ያረጋግጣል። የምሳሌያችን ሰው የአዲስ አበባዎቹን 48 ወራት የሚያስቆጥረው በድሮ አለቃው ምስክርነት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ዓመታት አልፈዋል፤ የኢሜይል አድራሻቸውም ተቀይሯል። ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ግን ሳይት ላይ ግፊትና ከፍታን ያስተማሩት እኚያ አለቃ ስማቸው ባይጠራም ራሳቸውን ለይተው «እንኳን ደስ አለህ ልጄ፣ ያቺን 600 ሜትር እንዴት እንደመረጥካት ንገረኝ» ብለው ቢጽፉለት፣ መልሱን ሲልክ የምስክርነቱን ጥያቄም አያይዞ መጠየቅ ይችላል።